ሠላሳ ሰከንድ ስንት ቃል ይይዛል? የጎንደር አጫጭር ማስታወቂያዎች ለምን ይጣደፋሉ

ጥምቀት ሲቃረብ ጎንደር ውስጥ ካሜራ ይበዛል። ሆቴሉ፣ የእንግዳ ማረፊያው፣ አስጎብኚው፣ ባህላዊ ምግብ ቤቱ ሁሉም አጭር የማስተዋወቂያ ቪዲዮ ይፈልጋል። ቪዲዮዎቹ በቴሌግራምና በቲክቶክ ይዞራሉ። ምስሉ ከዓመት ዓመት እየተሻለ ነው። ድምፁ ላይ ግን አንድ ቅሬታ አይጠፋም፦ «አንባቢው ለምን ይሮጣል?»

ለቅሬታው የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። «አማርኛ ረጅም ቋንቋ ነው፤ ለማስታወቂያ አይመችም» ይባላል። ሌላው ወገን ጥፋቱን አንባቢው ላይ ይጥላል። ሁለቱም ችግሩን የሳቱ ይመስላል። ጥድፊያው የሚጀምረው ከስቱዲዮው በፊት ነው፤ ጽሑፉ ሲጻፍ በምን ተለክቶ እንደተጻፈ ሲታይ ነገሩ ግልጽ ይሆናል።

የ75 ቃል ስሌት

በምስል ላይ የሚነበበው ትረካ፣ በባለሙያዎቹ አጠራር ቮይስኦቨር፣ የሚታወቅ የልኬት ደንብ አለው። በደቂቃ 150 ቃል ይላል። በዚህ ስሌት አንድ ሰከንድ ሁለት ቃል ተኩል ይይዛል፤ የ30 ሰከንድ ማስታወቂያ ደግሞ 75 ቃል። ደንቡ በኢንተርኔት ትምህርቶች ሁሉ ይደጋገማል። ወደ አማርኛ ሥልጠናዎችም እንዳለ ገብቷል።

ደንቡ የወጣው ግን ለእንግሊዝኛ ነው። ለእዚያ ቋንቋ ያገለግላል፤ ምክንያቱም እዚያ «እኔ»፣ «እሱን»፣ «ወደ»፣ «አይደለም» ዓይነቶቹ ነገሮች ብዙውን ጊዜ ለየብቻቸው ቆመው እንደ ቃል ይቆጠራሉ። አማርኛ እነዚህን ሁሉ አንድ ግስ ላይ ይሰፋቸዋል። ባለቤቱ፣ ተሳቢው፣ ጊዜው፣ አክብሮቱ፣ አሉታው በአንድ ቃል ውስጥ ያድራሉ። «ሰው» አንድ ቃል ነው፤ ሁለት ፊደል። «እንደሚያስተናግዱዎት»ም አንድ ቃል ነው፤ አሥራ ሁለት ፊደል። ቃል ቆጣሪው ለሁለቱም እኩል «1» ይሰጣል። የአንባቢው ሳንባ ግን እኩል አይሰጥም።

ስለዚህ ጸሐፊው 75 የአማርኛ ቃል ሞልቶ ለአንባቢው ሲሰጥ፣ የሰጠው የአንድ ደቂቃ ያህል ንባብ ሊሆን ይችላል። ቪዲዮው ግን 30 ሰከንድ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ምርጫ ሁለት ብቻ ይሆናል፦ ወይ ጽሑፉ ይቆረጣል፣ ወይ አንባቢው እንደ ታክሲ ረዳት ይንጣደፋል። ቀረጻው ነገ ከሆነና ደንበኛው ጽሑፉን ካጸደቀው፣ የሚመረጠው ሁለተኛው ነው።

ቃል ትቶ ፊደል መቁጠር

ለአማርኛ የሚቀርበው መለኪያ ፊደል ነው። አንድ ፊደል ብዙውን ጊዜ አንድ ተነባቢና አንድ አናባቢ ይይዛል። ስለዚህ የፊደሉ ብዛት አፍ ከሚሠራው ሥራ ጋር ይቀራረባል። ቆጠራውም ቀላል ነው። በኮምፒውተር ሲጻፍ እያንዳንዱ ፊደል፣ «ኳ» እና «ቷ» ጭምር፣ አንድ ምልክት ነው። የጽሑፍ ፕሮግራሙ ባዶ ቦታ ሳይጨምር ስንት ምልክት እንዳለ ይነግራል። ከዚያ ላይ አራት ነጥቡንና ነጠላ ሰረዙን መቀነስ ነው።

የአንባቢውን ፍጥነት ግን ከመጽሐፍ መውሰድ አይቻልም። በራሱ ድምፅ መለካት አለበት። አሠራሩ እንዲህ ነው። ከታሰበው ማስታወቂያ ጋር የሚመሳሰል ቃና ያለው፣ ቁጥር የሌለበት አንድ አንቀጽ ይመረጣል። አንባቢው ለማስታወቂያው በሚፈለገው ስሜት ጮክ ብሎ ያነበዋል። በስልክ ይቀዳል። ፊደሉ ለሰከንዱ ይካፈላል። ለምሳሌ 180 ፊደል በ30 ሰከንድ ቢያነብ፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 6 ፊደል ነው። ይህ ረጋ ያለ፣ እንግዳ የሚቀበል ሰው ድምፅ ነው። ዜና አንባቢ ከዚህ ይፈጥናል። የቅናሽ ሽያጭ ማስታወቂያ ደግሞ ከሁለቱም ሊፈጥን ይችላል። ከዚህ በታች ያለው ስሌት ሁሉ የተሠራው በ6 ነው። ሌላ አንባቢ ከመጣ ቁጥሩ አብሮ ይቀየራል።

ይህ መለኪያም እንከን አለው። «ገበያ» እና «ብርድ» ሦስት ሦስት ፊደል ናቸው። ነገር ግን «ብርድ» ሳድስ ፊደሎቹ ተጨፍልቀው በአንድ ትንፋሽ ይወጣል። መጥበቅና መላላትም በጽሑፍ አይታይም፤ ዓመት በዓሉ «ገና» እና ጊዜ አመልካቹ «ገና» በወረቀት አንድ ናቸው፣ በአፍ ግን በዓሉ ረዘም ይላል። በ100 ፊደል ጽሑፍ ላይ እነዚህ ነገሮች እርስ በርሳቸው ይጣፋሉ። በ1 ሰከንድ ሐረግ ላይ ግን ልዩነታቸው ይሰማል። ስለዚህ ፊደል መቁጠር ለበጀት ነው፤ የመጨረሻው ዳኛ ጮክ ብሎ ማንበብ ነው።

አንድ ዓረፍተ ነገር የበላው ጊዜ

ጎንደርን በሚያስተዋውቁ ጽሑፎች ላይ የተለመደ አጀማመር አለ። ለዚህ ትንታኔ በዚያው ቅርጽ የተሠራ ናሙና እንውሰድ፦

«እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የፋሲል ግቢ መገኛ ወደሆነችው፣ በታሪክና በባህል ወደበለጸገችው ጥንታዊቷ ጎንደር ከተማ እንኳን ደህና መጡ።»

መረጃው ትክክል ነው። ቃሉ 19 ነው። በ75 ቃል ስሌት 8 ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ጸሐፊው ደስ ይለዋል፤ ገና 22 ሰከንድ ቀርቶታል።

አሁን እንደሚነበበው እንጻፈው። «እ.ኤ.አ. በ1979» የሚለው በወረቀት ላይ ስምንት ምልክት ነው። ሲነበብ «እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በአንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዘጠኝ» ይሆናል። ይህ 31 ፊደል ነው፤ ከ5 ሰከንድ በላይ። ከማስታወቂያው አንድ ስድስተኛው ለዓመተ ምሕረት ሄደ ማለት ነው። የቀረው ዓረፍተ ነገር 74 ፊደል ነው። ድምሩ 105። በሰከንድ 6 ሲካፈል 17 ሰከንድ ተኩል ይመጣል። ከግማሽ በላይ የሆነው ጊዜ አልቆ እንግዳው ገና «እንኳን ደህና መጡ» እየተባለ ነው። ስለ ማረፊያው አንድም ነገር አልተነገረም።

በኢትዮጵያ አቆጣጠር 1972 ዓ.ም. ቢባልስ? ትንሽ ያቀላል፣ ግን አያድንም። «በአንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት» 23 ፊደል ነው፤ ወደ 4 ሰከንድ። ችግሩ ያለው ቁጥሩ በድምፅ መባሉ ላይ ነው። ዓይን 1979ን በቅጽበት ያነበዋል። ስለዚህ ዓመቱ ከተፈለገ ግንቡ ላይ በጽሑፍ ይውጣ፣ ድምፁ ሌላ ሥራ ይሥራ።

የስልክ ቁጥርም እንደዚሁ ነው። አሥሩ አኃዝ አንድ በአንድ ሲነበብ ወደ 30 ፊደል ይጠጋል፤ ሌላ 5 ሰከንድ። ሰምቶ የሚይዘው ደግሞ የለም። የሬዲዮ ማስታወቂያ ቁጥር የሚያነበው ሌላ አማራጭ ስለሌለው ነው። ቪዲዮ አለው።

ሠላሳውን ሰከንድ መበጀት

አሁን ያንኑ ሥራ ከሥር እንጀምረው። ደንበኛው ከግንቡ አሥር ደቂቃ በእግር የሚያስኬድ የእንግዳ ማረፊያ ነው እንበል። ቪዲዮው ለጥምቀት እንግዶች ነው። ርዝመቱ 30 ሰከንድ።

መጀመሪያ የሚወሰነው ድምፅ የማይኖርበት ጊዜ ነው። ብዙዎች ይህን የሚያስቡት መጨረሻ ላይ ነው፤ የጥድፊያው ግማሽ የሚመጣውም ከዚያ ነው። መግቢያው ላይ አንድ ሰከንድ ተኩል ለወፍና ለደወል ድምፅ ይቀመጥ። ተመልካቹ የት እንዳለ እስኪገባው ጊዜ ይሰጠዋል። መሀል ላይ 3 ሰከንድ ለከበሮውና ለእልልታው ይተው። ጥምቀትን እያሳዩ በላዩ ላይ ማውራት ብክነት ነው። መጨረሻ ላይ 4 ሰከንድ ገደማ ለስም፣ ለሎጎና ለስልክ ቁጥር። የቀረው 21 ሰከንድ ተኩል ነው። በዓረፍተ ነገሮቹ መካከል ላለው ትንፋሽ አንድ ሰከንድ ተኩል ይቀነስ። ለንግግር 20 ሰከንድ ቀረ፤ 120 ፊደል።

በዚያ ልክ የተጻፈው ይህ ነው፦

«ጎንደር ሲነጋ ፀሐይ መጀመሪያ የምታገኘው ግንቡን ነው። ቀና ሲሉ የሥላሴ መላእክት ያዩዎታል። በከተራ ማታ ከተማው ውሃ ዳር ያድራል። ሲደክምዎት ቤታችን እዚሁ ነው፤ ከግንቡ በእግር አሥር ደቂቃ። ቡናው ተቆልቷል። አልጋው ተነጥፏል። ይምጡ፤ ቤት ለእንግዳ።»

ፊደሉ 119 ነው። ቃሉ 33 ብቻ። የ75 ቃል ደንብ ይህን ጽሑፍ «ገና ግማሽም አልሞላ» ይለዋል። ሲነበብ ግን 30 ሰከንዱን ሞልቶ ይተነፍሳል። አማርኛ አይመችም የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ይላላል። አጭር ግስ ያለው አጭር ዓረፍተ ነገር የቋንቋው የራሱ ነው። የሚያረዝመው «ወደበለጸገችው» እና «የተመዘገበው» እያልን ቅጽል በቅጽል ላይ መደረባችን ነው። ያ የመግለጫ አማርኛ ነው፤ ቤቱ ስብሰባ አዳራሽ ነው።

ከቱ የት ይውደቅ

አንድ ምስል ቆሞ ሌላው የሚተካበት ነጥብ ከት ይባላል። ምስሉ የተሠራው ከፍሬሞች፣ ማለትም ተከታትለው ከሚያልፉ ነጠላ ሥዕሎች ነው። በሰከንድ 25 ፍሬም በሚል ከተቀረጸ፣ 5 ፍሬም የሰከንድ አንድ አምስተኛ ነው። ልኬቱ ትንሽ ይመስላል። ዓይን ግን ይለየዋል።

የከት ጥያቄ በአማርኛ የራሱ ጠባይ አለው። ቋንቋው ገላጩን አስቀድሞ ስሙን ያስከትላል፣ ግሱንም መጨረሻ ላይ ያሳርፋል። ስለዚህ መታየት ያለበት ነገር ስሙ የሚጠራው ዘግይቶ ነው። ወደ መጀመሪያው ናሙና እንመለስ። «የፋሲል ግቢ» ከመባሉ በፊት 52 ፊደል አለ። በዚያ ፍጥነት ወደ 9 ሰከንድ ነው። «ጎንደር» የሚለው ስም የሚሰማው 15ኛው ሰከንድ አካባቢ ነው። ኤዲተሩ እስከዚያ ምን ያሳይ? ግንቡን ከመጀመሪያው ካሳየ፣ ስሙ ሲመጣ ምስሉ ሰልችቷል። ካላሳየ ደግሞ ስለማይታይ ነገር 9 ሰከንድ ይወራል። ብዙ ጊዜ የሚደረገው ሦስተኛው ነው፤ ከቃሉ ጋር የማይገናኙ የሚያምሩ ምስሎች በየ2 ሰከንዱ ይቀያየራሉ። ምስሉና ድምፁ ጎን ለጎን ይሄዳሉ እንጂ አይነጋገሩም።

በሁለተኛው ጽሑፍ ላይ ግን የቋንቋው ሥርዓት ራሱ ሊያገለግል ይችላል። የመጀመሪያውን መስመር እንየው። «ጎንደር ሲነጋ ፀሐይ መጀመሪያ የምታገኘው ግንቡን ነው።» 27 ፊደል፣ 4 ሰከንድ ተኩል። «ግንቡን» የሚለው ከ21 ፊደል በኋላ ይመጣል። መስመሩ በተጀመረ በ3 ሰከንድ ተኩል ማለት ነው። ንባቡ በቪዲዮው 1.5ኛ ሰከንድ ላይ ስለሚጀምር፣ ቃሉ 5ኛው ሰከንድ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ እስከዚያ የሚታየው ጭጋግና የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ቀስ ብሎ የሚቀላ ሰማይ ይሁን። ከቱ 4.8 ላይ ይደረግ። ግንቡ ከቃሉ 5 ፍሬም ቀድሞ ይመጣል።

ለምን ቀድሞ? ዓይን አዲስ ምስል ላይ ለማረፍ ቅንጣት ጊዜ ይፈልጋል። ከቱና ቃሉ እኩል ከወደቁ ቃሉ የቀደመ ይመስላል። ከቱ ከቃሉ በኋላ ከመጣ ደግሞ ስህተት ይመስላል። በጣም ከቀደመ ቃሉ የታየውን መድገም ይሆናል። ከ4 እስከ 6 ፍሬም የሚለው ልምድ የቆመው በእነዚህ መካከል ነው።

ሁለተኛው መስመር ሌላ ነገር ያሳያል። ግንቡ 4.8 ላይ ከገባ ቢያንስ 2 ሰከንድ መቆየት ይገባዋል፤ ትልቅ ነገር ነው፣ ዓይን ይዞረዋል። ሁለተኛው መስመር ግን 6.5 ላይ ይጀምራል። ምስሉን ማሳጠር አያስፈልግም። «ቀና ሲሉ» የሚለው ግንቡ ገና እየታየ ይነበብ። ቀና የሚባለው ወደ ግንቡም ነውና ያስኬዳል። ከቱ የሚደረገው «የሥላሴ» ከመባሉ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ 7ኛው ሰከንድ ላይ ነው። የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ፣ እነዚያ ረድፍ ረድፍ የተሣሉ የመላእክት ፊቶች፣ ከላይ ወደ ታች ሲያዩ ይታያሉ። ድምፁ በፊተኛው ምስል ላይ ተጀምሮ በኋለኛው ይጨርሳል። ይህ ድምፅን የማስቀደም ዘዴ ነው። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ከአዲስ ምስል ጋር እኩል ሲጀምር የሚመጣውን የስላይድ ትርዒት ስሜት ያጠፋል።

የከተራው መስመር 3 ሰከንድ ነው፤ 10 ላይ ጀምሮ 13 ላይ ያልቃል። «ያድራል» ብሎ ሲዘጋ ከበሮው ይገባል። እዚህ ላይ ከቱን የሚመራው ከበሮው ነው። ከበሮ፣ እልልታ፣ ሲነጋ የሚረጨው ውሃ፤ ሦስት ምስል በ3 ሰከንድ፣ እያንዳንዱ ምቱ ላይ። ቃል ስለሌለ ዓይን ይህን ፍጥነት ይችለዋል። ይኸው ፍጥነት በንግግር ላይ ቢሆን ተመልካቹ ወይ ያያል ወይ ይሰማል፣ ሁለቱን አይችልም።

16 ላይ ንባቡ ይመለሳል። «ሲደክምዎት» በድንጋይ ንጣፍ ላይ የሚሄድ እግር ላይ፤ «ቤታችን» ከመባሉ በፊት፣ 16.8 ላይ፣ ወደ በሩ ይቆረጣል። «ቡናው ተቆልቷል» ሲባል የሚታየው የቡና መቁያ መሆን አለበት። ብዙ ጊዜ ስኒ ይታያል። ድምፁ ቆላ ይላል፣ ምስሉ ጠጣ ይላል። ተመልካቹ ስህተቱን ላይጠቅስ ይችላል፤ አንድ ነገር እንዳልገጠመ ግን ይሰማዋል። «ቤት ለእንግዳ» ካለቀ በኋላ 26 ሰከንድ አልፏል። የቀረው ለስሙና ለቁጥሩ ነው፣ ያለ ድምፅ።

ሁሉንም እንጥራ ሲባል

በጎንደር ማስታወቂያዎች ላይ ሌላው የጊዜ በሊታ ዝርዝር ነው። ደንበኛው «ቁስቋምም ይጠራ፣ ራስ ግምብም ይጠራ» ይላል። ፍላጎቱ ይገባል፤ ቅር የሚለው ቦታ እንዳይኖር ነው። «ፋሲል ግቢ፣ ቁስቋም፣ ራስ ግምብ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ» 24 ፊደል ነው፤ 4 ሰከንድ። በጊዜ በኩል ብዙ አይመስልም።

ችግሩ ምስሉ ላይ ነው። «ቁስቋም» ሁለት ሦስተኛ ሰከንድ ብቻ ይወስዳል። «ደብረ ብርሃን ሥላሴ» ከአንድ ሰከንድ ተኩል በላይ። ከቱ ስሞቹን ከተከተለ፣ የእቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም 17 ፍሬም ያህል ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ጎንደሬ ያውቀዋል፣ ይበቃዋል። አይቶት የማያውቀው እንግዳ ግን ፍርስራሽ ይሁን ቤተ ክርስቲያን ሳይለይ ያልፈዋል። ከቱ እኩል ከተደረገ ደግሞ ስሙ በአንዱ ቦታ፣ ምስሉ በሌላው ይውላል። የሚሻለው ወይ አንድ ቦታ መርጦ በደንብ ማሳየት፣ ወይ ስሞቹን በድምፅ ሳይጠሩ ምስሎቹን በሙዚቃ ላይ ማሳለፍና ስማቸውን በጽሑፍ ማውጣት ነው።

ድምፅ ይቅደም ወይስ ምስል?

በባለሙያዎች መካከል ያልተዘጋ ክርክር አለ። አንዱ ወገን ምስሉ መጀመሪያ ይቆረጥ፣ ጽሑፉ በዚያ ላይ ይጻፍ ይላል። ምክንያቱ ጥሩ ነው፤ የተቀረጸው ምስል የሚታወቅ ሀብት ነው፣ ያልተቀረጸ ነገር መጻፍ ኪሳራ ነው። ጥምቀት ላይ ይህ በተለይ እውነት ነው። ከተራን ዳግም ለመቅረጽ ዓመት መጠበቅ ያስፈልጋል። ሌላው ወገን ድምፁ ቀድሞ ተቀርጾ ምስሉ በላዩ ይቆረጥ ይላል። የእሱም ምክንያት ቀላል አይደለም፤ ምስልን በግማሽ ሰከንድ ማሳጠርና ማርዘም ይቻላል፣ የሰው ንግግርን ግን እንደዚያ መጎተት አይቻልም።

ለአጭር ማስታወቂያ ሁለተኛው የተሻለ ይመስላል፣ አንድ ነገር ከተጨመረበት። ጸሐፊው ራሱ ወይም ሌላ ሰው ጽሑፉን በስልክ ያንብብና ያ ጊዜያዊ ድምፅ ኤዲት ማድረጊያው ላይ ይቀመጥ። ምስሉ በላዩ በግርድፉ ይቆረጥ። የማይገጥመው መስመር ያኔ ይታወቃል፤ ማስተካከሉም ነፃ ነው። ዋናው አንባቢ የሚጠራው ከዚያ በኋላ ነው። ጊዜያዊውን ያነበበው ሰው ግን ከዋናው አንባቢ ሊፈጥን ይችላል። የራስን ጽሑፍ ማንበብ ሁልጊዜ ያፈጥናል። ስለዚህ ከበጀቱ አንድ አሥረኛ ያህል ባዶ መተው አይከፋም። ከላይ ያለው ናሙና ግን ይህን ባዶ አልተወም። አንባቢው ዘገምተኛ ከሆነ መጀመሪያ የሚወጣው «አልጋው ተነጥፏል» ነው፤ አልጋው በምስል ይታያልና።

«ድምፁን በፕሮግራም ማፍጠን ይቻል የለ?» የሚሉም አሉ። ይቻላል። ከመቶ ሦስት አራት ማፍጠን ማንም አያስተውለውም። ከመቶ ሃያ ሲደርስ ግን ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ ፈገግታው ይጠፋል። አንባቢው ራሱ ሲጣደፍ ደግሞ በመጀመሪያ የሚሰዋው ማጥበቅን ነው። የሚጠብቀው ፊደል ላልቶ ይወጣል፣ ቃሉም ለአፍታ ሌላ ቃል ይመስላል። ሰሚው መልሶ ሲያስተካክለው ቀጣዩ ሐረግ ያመልጠዋል።

የተጨናነቀ ትረካን ለመለየት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። አንባቢው ነጠላ ሰረዝ ላይ ካልቆመ፣ ሎጎው ወጥቶም ድምፁ ገና እየተናገረ ከሆነ፣ ዓረፍተ ነገር ሲያልቅና ሌላው ሲጀምር መካከል ላይ ትንፋሽ የመሳብ ድምፅ ተቆርጦ ከወጣ፣ ጽሑፉ በዝቷል።

እንግሊዝኛው ቅጂ

ጎንደር የውጭ እንግዳም ስለምትጠብቅ፣ ብዙ ደንበኞች ያንኑ ምስል በእንግሊዝኛ ድምፅም ይፈልጋሉ። አሠራሩ ብዙ ጊዜ ጽሑፉን መተርጎም፣ ምስሉን እንዳለ ማስቀመጥ ነው። ርዝመቱ ቢገጥም እንኳ ከቱ አይገጥምም። እንግሊዝኛው ግሱን ቀደም ያደርጋል፣ ረጅሙን ገላጭም ከስሙ በኋላ ያመጣል። በአማርኛው «ውሃ ዳር ያድራል» ብሎ ግሱ ላይ ሲያርፍ ከበሮው የገባበት ቦታ፣ በእንግሊዝኛው ውሃው ላይ ወይም ሌሊቱ ላይ ይወድቃል። «ቤታችን» ላይ የተቆረጠው በርም ቃሉ ካለፈ በኋላ ሊከፈት ይችላል።

ስለዚህ ሁለት ቋንቋ ሲታሰብ ዋጋውም በዚያው ልክ ይታሰብ። የምስሉ ቅደም ተከተል አንድ ሊሆን ይችላል፤ የከቶቹ ቦታ ግን በየቋንቋው እንደገና ይለካል። ለሁለተኛው ቅጂ የኤዲተር የግማሽ ቀን ሥራ በውሉ ላይ ካልተጻፈ፣ የሚሠራው ማንም ሳይከፍለው ነው፣ ወይም ጭራሽ አይሠራም። ከቱ ያን ያህል ጥብቅ ያልሆነበት የከበሮው ክፍል ብቻ ለሁለቱም እንዳለ ያገለግላል።